የ5 ቀኑ አማካይ በአዲስ ዘመን ሲፈተን

ተንቀሳቃሽ አማካይ ከአክሲዮን ነጋዴዎች ዘዴዎች ሁሉ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። ያለፉት 200 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ተደምሮ ለ200 ይካፈላል፤ በማግስቱ አሮጌው ቀን ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ዋጋው ከአማካዩ በላይ ሲዘጋ ይገዛል፣ ከታች ሲዘጋ ይሸጣል። ዘዴው ያዋጣ እንደሆነ ለማየት ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ ይሞከራል። ብዙ ሰው ራሱን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

አማካዩ 100 ብር የሆነ አክሲዮን ጠዋት በ96 ተከፍቶ ማታ በ104 ዘጋ እንበል። የመግዣው ምልክት የታየው ማታ ነው። ሒሳቡ ግን ጠዋት በ96 እንደተገዛ ከመዘገበ፣ ማንም ሊያገኘው የማይችል 8 ብር ከትርፉ ተቀላቅሏል። ግዢው መመዝገብ ያለበት በማግስቱ የመክፈቻ ዋጋ ነው። ምልክቱ አንድ ቀን ወደፊት ሲገፋ ትርፉ ብን ብሎ ከጠፋ፣ ፈታኙ ሳያውቅ የማታውን ዋጋ ጠዋት ላይ ሲጠቀም ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ምርጫ ነው።

ከ5 እስከ 250 ቀን ያሉትን አማካዮች ሁሉ የሞከረ ሰው 246 ሙከራ አድርጓል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በዕድል ብቻ ማማሩ አይቀርም። የ37 ቀኑ አትርፎ የ36ና የ38 ቀኑ ከከሰሩ፣ ቁጥሩ የተስማማው ከገበያው ባሕርይ ጋር ሳይሆን ካለፈው የዋጋ ውጣ ውረድ ጋር ነው።

የዚህ ጉዳይ ታዋቂ ፈተና የተካሄደው በአሜሪካው የዳው ጆንስ መለኪያ ላይ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ብሮክ፣ ላኮኒሾክና ለባሮን ከ1897 እስከ 1986 ባለው ዋጋ 26 ደንቦችን ሞከሩ፤ ከመግዣ ምልክት በኋላ ያለው ትርፍ ከመሸጫው በኋላ ካለው በልጦ ተገኘ። በ1999 ሳሊቫን፣ ቲመርማንና ዋይት ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ አሸናፊው የተመረጠው ከስንት ተወዳዳሪ መካከል ነው? የተሞከሩትን ደንቦች ወደ 7,846 አሳድገው፣ የምርጫውን ዕድል በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ።

በአሮጌው መረጃ ላይ አንደኛ የወጣው የ5 ቀኑ አማካይ ነበር፤ ይህን ጥብቅ ሚዛን እንኳ አለፈ። ቀጥለው ግን ደንቡ ሲመረጥ ወዳልታየው ዘመን፣ ከ1987 እስከ 1996 ወዳለው፣ ወሰዱት። እዚያ ብልጫው ከዕድል የሚለይ ሆኖ አልተገኘም።

ግለሰብም ይህንኑ በቤቱ ማድረግ ይችላል። ከ20 ዓመት ዋጋ የመጀመሪያዎቹን 14 ዓመታት ለምርጫ ይጠቀማል፤ የቀሩትን 6 ሳይነካ ያቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትንባቸዋል። ውጤቱን አይቶ የቀኑን ቁጥር ከቀየረ፣ እነዚያ 6 ዓመታትም የምርጫው አካል ሆኑ፤ ለፈተና ሌላ ያልታየ ዋጋ ያስፈልገዋል። ከእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭ ላይም ኮሚሽን ይቀንሳል፤ እንደ 5 ቀን ያለ አጭር አማካይ ምልክቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚገላበጥ፣ በወረቀት ላይ የታየውን ትርፍ ኮሚሽኑ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል።