«ትንሽ ነገር ናት» የምትባለው ሥራ

አንድ የካፌ ባለቤት አርማ እንድሠራላቸው በ12 ሺህ ብር በቃል ተስማማን። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም «እግረ መንገድህን ሜኑውንም ሥራልኝ፤ ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ። ከዚያ ቢዝነስ ካርድ መጣ፤ ቀለሙም ዘጠኝ ጊዜ ተለወጠ። ሰውዬውን ተቀየምኳቸው፤ የሥራውን ወሰን ያልጻፍኩት ግን እኔው ነበርኩ።

አሁን ከመጀመሬ በፊት የአንድ ገጽ ውል እንፈራረማለን። የማስረክበው ተቆጥሮ ይጻፋል፦ ሦስት ንድፍ፣ በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር ማስተካከያ። አንድ ዙር ማለት አስተያየቱ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ መልእክት ሲላክ ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ዙሩ ማለቂያ የለውም። ክፍያው 40 በመቶ ሲጀመር፣ 30 በመቶ ንድፉ በጽሑፍ ሲጸድቅ፣ ቀሪው የመጨረሻው ፋይል ከመላኩ በፊት ነው። ከጸደቀ በኋላ ሌላ ንድፍ መጠየቅ አዲስ ሥራ ነው።

ተጨማሪ ሲጠየቅ ፊቴን አላጠቁርም። «ደስ ይለኛል። ሜኑው ውላችን ውስጥ ስለሌለ 4 ሺህ ብርና አራት ቀን ይጨምራል። ልጀምርልዎ?» ብዬ እጽፋለሁ። «እሺ» የሚል መልስ በጽሑፍ እስኪደርሰኝ ሥራውን አልነካም። ስህተቱ የእኔ ከሆነ ግን ዙር አልቆጥርም፤ አላስከፍልምም።