ከሎሚው ሥር ያለችው ቀዳዳ
የቅልጥም ስብራት በብረት ዘንግ ሲጠገን

ቅልጥማችንን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ብንዳብሰው ፊቱ ከቆዳ በቀር ምንም እንዳልለበሰ እናውቃለን። ከኋላው ባት አለ፤ ከፊቱ ግን ምቱን የሚያበርድ ጡንቻ የለም። ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ሲገጨው ስብራቱ ቆዳውን ቀዶ የሚወጣው፣ ቁስሉም በቀላሉ የሚመረቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። በጡንቻ ስላልተሸፈነ የሚደርሰው ደም አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ለመግጠም ጊዜ ይወስዳል።

ቦታውን ያልለቀቀ የቅልጥም ስብራት በጀሶ ይድናል። ጫፎቹ የተላለፉ፣ የተሰባበረ ወይም ቁስል ያለው ስብራት ግን በጀሶ ውስጥ ይንሸራተታል፤ እግሩ ያጥራል ወይም ይጣመማል። ለወራት የታሰረው ጉልበትና ቁርጭምጭሚትም ይደርቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስብራት ዛሬ ቀዳሚው ሕክምና በአጥንቱ መቅኒ መሄጃ ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግ ማስገባት ነው። ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ ያስጀመረው ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 የጭን አጥንት ስብራትን በዚህ መንገድ ጠግኗል። ዘንጉን ከአጥንቱ ጋር የሚቆልፉት ብሎኖች በኋላ የመጡ ናቸው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ የ28 ዓመት ወጣት ሞተር ሳይክል ገጭቶት የቀኝ ቅልጥሙ መሀል ለመሀል ተሰበረ እንበል። ቆዳው አልተቀደደም፤ ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭን አጥንትም አብሮ ተሰብሯል። የገባበት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ጊዜ አጥንቱን በስክሪን የሚያሳየው ሲ-አርም የተባለው የራጅ መሣሪያ የለውም። በብዙ አገሮች ችግሩ ይኸው ነው፤ በመሣሪያ እጦት የተነሳ ዘንጉ ቢኖር እንኳ ብሎኑን የሚያስገባበትን ቀዳዳ ሐኪሙ አያየውም።

ለዚህ መላ የዘየደው አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል ነው። በ1999 በዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ ባቋቋመው ሳይን በተባለ ድርጅት አማካይነት፣ ያለ ሲ-አርም ሊገባና ሊቆለፍ የሚችል ዘንግ ተሠርቶ ለድሃ አገሮች ሆስፒታሎች በእርዳታ መሰጠት ጀመረ። በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በተለያዩ ሆስፒታሎች ይሠራበታል፤ ሐኪሞቹም «ሳይን ኔይል» ይሉታል። የወጣታችን ቅልጥም የሚጠገነውም በዚህ ነው።

መግቢያዋ የት ናት?

ቀዶ ሕክምናው የሚጀምረው ከስብራቱ ሳይሆን ከጉልበቱ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን አጥፎ ከሎሚው በታች ቆዳውን ይቀዳል፤ ሎሚውን ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ጅማት ወደ ጎን ገለል ያደርጋል ወይም በመሀሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ በቅልጥሙ አናት ላይ አንዲት ቀዳዳ ይከፍታል። ትክክለኛዋ ቦታ የመገጣጠሚያው ልስልስ ገጽ አብቅቶ አጥንቱ ወደ ፊት ማዘቅዘቅ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ናት፤ ከመሀል መስመሩም በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጪኛው ጎን ትጠጋለች።

ዘንጉ የማይበገር ስለሆነ የተሰበረው አጥንት የሚከተለው እሱን ነው። ቀዳዳው ወደ ውስጠኛው ጎን ከተሳተ የላይኛው ስባሪ ያጋድልና እግሩ ከስብራቱ በታች ወደ ውጪ ይዞራል። በጣም ወደ ታች ከወረደ ዘንጉ የአጥንቱን የኋላ ግድግዳ ይገፋል፤ ስብራቱም ወደ ፊት ይጎብጣል። ወደ ላይና ወደ ኋላ ካለፈ ደግሞ የመገጣጠሚያውን ልስልስ ገጽ ይጎዳል።

የወጣታችን ስብራት መሀል ላይ በመሆኑ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። እዚያ የመቅኒው መሄጃ ጠባብ ስለሆነ ዘንጉ ግድግዳውን ሞልቶ ስባሪዎቹን ራሱ ያስተካክላቸዋል። ስብራቱ ለጉልበት ቅርብ ቢሆን ኖሮ ግን ዘንጉ በሰፊ ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ጠማማ ሆነው የሚገጥሙት በአብዛኛው እነዚህ የላይኛው ሢሶ ስብራቶች ናቸው። ሐኪሞች ይህን የሚከላከሉት ጉልበቱን ብዙ ሳያጥፉ ከሎሚው በላይ በመግባት፣ ወይም ከዘንጉ መንገድ አጠገብ ተጨማሪ ብሎን አስገብተው ዘንጉ እንዳይወላገድ በማጥበብ ነው።

መንገዱን ማስፋት

ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ የመቅኒው መሄጃ ይሰፋል፤ በሆስፒታል ቋንቋ ይህ ሪሚንግ ይባላል። በሞተር በሚሠራው ዘዴ የመሰርሰሪያው ውፍረት በግማሽ በግማሽ ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። በሳይን ዘዴ ግን ሐኪሙ ራሱ በእጁ ያዞረዋል። ለወጣታችን የ7 እና የ8 ሚሊ ሜትሩ በቀላሉ አለፉ፤ 9 ላይ መሰርሰሪያው ጠንካራውን ግድግዳ እየፋቀ በሐኪሙ እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠባቡ ቦታ መነካቱን የሚነግረው ይህ ንዝረት ነው። ሐኪሙ እስከ 10 አስፍቶ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ዘንግ መረጠ። መንገዱ ከዘንጉ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት፤ ካልሰፋ ዘንጉ መሀል ላይ ይቀረቀራል ወይም አጥንቱን ይሰነጥቃል።

መፋቁ አጥንቱን ከውስጥ የሚመግቡትን ደም ሥሮች ለጊዜው ይጎዳል፤ እነሱ ግን በሳምንታት ውስጥ መልሰው ይበቅላሉ። በምትኩ ወፍራምና ጠንካራ ዘንግ ማስገባት ይቻላል፤ የተፋቀው የአጥንት ብናኝም ስብራቱ ላይ ሆኖ አዲስ አጥንት እንዲበቅል ያግዛል። በ2008 ውጤቱ የታተመና ከ1,200 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ቆዳው ባልተቀደደ ስብራት ላይ መንገዱን ማስፋት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቁስል ባለው ስብራት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም።

ብሎኖቹ

ዘንጉ ብቻውን እግሩ እንዳያጥርና እንዳይሽከረከር ሊያደርግ አይችልም። ይህን የሚያደርጉት ከላይና ከታች አጥንቱንና ዘንጉን አቋርጠው የሚያልፉት ብሎኖች ናቸው። ከባዱ የታችኛው ነው፤ በቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ በአጥንት ውስጥ የተደበቀ የጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መፈለግ ነውና። ሲ-አርም ያለበት ሐኪም ቀዳዳው በስክሪኑ ላይ ፍጹም ክብ ሆኖ እስኪታይ መሣሪያውን ያስተካክልና በዚያው አቅጣጫ ይሰረስራል።

የወጣታችን ሐኪም ስክሪን የለውም። እሱ ዘንጉን ከማስገባቱ በፊት ከዘንጉ ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም የብረት ክንድ አስሮ፣ የክንዱ ቀዳዳዎች ከዘንጉ ቀዳዳዎች ጋር መገጣጠማቸውን በጠረጴዛው ላይ አረጋግጧል። ዘንጉ ሲገባ ክንዱ ከውጪ ሆኖ የት መሰርሰር እንዳለበት ያሳየዋል። አጥንቱን ከበሳ በኋላ በቀጭን መፈለጊያ ብረት የዘንጉን ቀዳዳ በእጁ ስሜት ያገኛል።

ታችኛው ብሎን ከገባ በኋላ ሐኪሙ ዘንጉን ወደ ላይ መልሶ በመምታት በስባሪዎቹ መካከል የቀረውን ክፍተት ይዘጋል፤ ክፍተት የቀረበት ስብራት ለመግጠም ይቸገራልና። የላይኛውን ከማሰሩ በፊት ደግሞ የእግሩን ጣቶች አቅጣጫ ከጤነኛው እግር ጋር ያስተያያል። በዚህ ሰዓት ዞሮ የተቆለፈ እግር ዞሮ ይገጥማል፤ ወጣቱ ሲራመድ እንጂ በተራ ራጅ ላይ በቀላሉ አይታይም።

ምን ሊያጋጥም ይችላል?

በጣም የተለመደው ችግር የጉልበት ፊት ሕመም ነው። በተለያዩ ጥናቶች ከዘንግ በኋላ ግማሽ የሚሆኑት ሕሙማን ይህን ስሜት ይናገራሉ፤ ሲንበረከኩና ቁጢጥ ሲሉ ይብስባቸዋል። ለሚሰግድ ሰው ወይም ተንበርክኮ ለሚሠራ ባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም። የዘንጉ ጫፍ ከአጥንቱ ወጥቶ ከሆነ ስብራቱ ከገጠመ በኋላ ማውጣቱ ሊረዳ ይችላል። ይሁን እንጂ ዘንጉ ከወጣም በኋላ ሕመሙ የማይተዋቸው አሉ፤ ሕሙማን ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊነገራቸው ይገባል።

አስቸኳዩ አደጋ ሌላ ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን በአራት ክፍል ተከፍለው ታሽገዋል። ከስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ውስጡ ሲያብጥ ግፊቱ ደሙን ያንቀዋል፤ ጡንቻውና ነርቩ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ምልክቱ ማስታገሻ የማይመልሰው፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው፤ የእግር ጣቶቹን ሌላ ሰው ወደ ላይ ሲስባቸው ሕመምተኛው ይጮኻል፤ ባቱም ድንጋይ ይሆናል። የደም ሥር ትርታ እስከ መጨረሻው ሊኖር ስለሚችል «ትርታ አለው» ተብሎ መረጋጋት አይቻልም። መጀመሪያ ጀሶም ሆነ ፋሻ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፤ ካልተሻለው ሽፋኖቹ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ይከፈታሉ። በቀርከሃ አጥብቀው የሚያስሩ አንዳንድ ወጌሾች ጋ ቆይተው የሚመጡ ሕሙማን እግራቸውን የሚያጡትም ደም በዚሁ መንገድ ሲታፈን ነው።

ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው፤ በተለይ ቆዳው በተቀደደ ስብራት ላይ። እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታል እንደደረሰ ሳይዘገይ አንቲባዮቲክ ሊጀመርለት፣ ቁስሉም በቀዶ ሕክምና ክፍል በደንብ ሊታጠብ ይገባል። ቆይቶ የሚያፈስ ቁስል፣ ትኩሳት ወይም ከተሻለ በኋላ ተመልሶ የመጣ ሕመም ወደ ሐኪም የሚያስመልስ ምልክት ነው።

አራተኛው የአጥንቱ አለመግጠም ነው። ዘንጉ የሚሠራው ለጊዜው ነው፤ አጥንቱ በወራት ውስጥ ካልገጠመ ብሎኑ ድካም ገብቶት ይሰበራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ቢሆንም ቸኩሎ እንደገና መክፈት አይገባም፤ ስድስት ወር ሲጠበቅ ብዙዎቹ ራሳቸው ይገጥማሉ።

ወጣታችን በማግስቱ በክራንች ቆመ፤ ስብራቱ የረጋ ስለነበር የቻለውን ያህል እንዲረግጥ ተፈቀደለት። በሦስተኛው ወር ራጁ ላይ አዲስ አጥንት ስባሪዎቹን አያይዟቸው ታየ፤ በአምስተኛው ወር ያለ ክራንች ሄደ። በሳይን ዘንግ የሚሠሩ ሐኪሞች በክትትል ጊዜ ሕመምተኛው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ፎቶ ያነሡታል፤ ያለ ሕመም ቁጢጥ ማለት ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም ስብራቱም መዳናቸውን የሚያሳይ ፈተና ነውና።

እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ በዚህ መንገድ ከታከሙ ሦስት ነገር ያድርጉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተነሣውን ራጅ ያስቀምጡ፤ ከቤት ከመሄድዎ በፊት በሁለቱም እግር አስተካክለው በመቆም የጣቶችዎ አቅጣጫ መመሳሰሉን ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ የታከመውን እግር ለማሸት ለማንም አይስጡ። መድኃኒት ያልመለሰው ሕመም ከተነሣ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይቀስቅሱ።