በሜክሲኮ ዞረን ብንሄድስ?

ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ፒያሳ ቆመን መገናኛ መድረስ ፈልገናል እንበል። ቀጥታ የሚሄደው ታክሲ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ሰልፉ ላይ አጠገባችን ያለው ሰውዬ ግን «በሜክሲኮ ዞረን ብንሄድስ?» ይላል። ከፒያሳ ሜክሲኮ 15 ደቂቃ፣ ከሜክሲኮ መስቀል አደባባይ 10፣ ከዚያ መገናኛ 20፤ በድምሩ 45። ሰውዬው ልክ ነው። (ደቂቃዎቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔው የመደብኳቸው ስለሆነ በእነሱ ተማምናችሁ ቀጠሮ እንዳትይዙ።)

ለአንድ መንገደኛ ይህ በቂ ነው። ከየትኛውም ቦታ ወደ የትኛውም ቦታ ያለውን አጭር ጊዜ የያዘ ሠንጠረዥ ለሚፈልግ ሰው ግን የሰውዬውን ጥያቄ በሥርዓት መደጋገም ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ዘዴ በሮበርት ፍሎይድና በስቲቨን ዋርሻል ስም ይጠራል፤ ሁለቱም በ1962 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ፈረንሳዊው በርናር ሯ ግን በ1959 ቀድሟቸው ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሠንጠረዡ ላይ ቀጥታ መስመሮቹን ብቻ እንጽፋለን፤ ቀጥታ መስመር የሌለበትን ሣጥን «አይደረስም» እንለዋለን። ከዚያ ቦታዎቹን አንድ በአንድ መሸጋገሪያ እናደርጋለን። ቅደም ተከተሉ ፒያሳ፣ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ መስቀል አደባባይ ይሁን።

ፒያሳ መሸጋገሪያ ሲሆን ከሜክሲኮ መገናኛ መድረስ ተቻለ፤ 15 እና 50፣ 65 ደቂቃ። መገናኛ ሲጨመር ከፒያሳ መስቀል አደባባይ በ70 ተገኘ። ይህ አስቂኝ ዙር ነው፤ ግን እስካሁን ሜክሲኮ ላይ መውረድ ስላልተፈቀደ ከዚህ የተሻለ የለም። ሜክሲኮ ሲፈቀድ 70ው ወደ 25 ወረደ። በመጨረሻ መስቀል አደባባይ ሲገባ ከፒያሳ መገናኛ 25 እና 20፣ 45 ሆነ፤ ከሜክሲኮ መገናኛም ከ65 ወደ 30 ዝቅ አለ።

ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ የተናገረውን ባለ ሁለት መሸጋገሪያ መንገድ ዘዴው እንዳለ አልፈለገውም። መስቀል አደባባይ ተራው ሲደርስ፣ ከፒያሳ እስከ እሱ ያለው 25 ሜክሲኮን በውስጡ ይዞ አስቀድሞ ተጽፎ ቆይቶታል። የቀረው አንድ መደመርና አንድ ማወዳደር ብቻ ነበር። አጭር መንገድ አንድ ቦታን ሁለት ጊዜ ስለማይረግጥ፣ አዲሱ መሸጋገሪያ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ክፋዮች ቀድሞ በተፈቀዱት ቦታዎች ብቻ የሚያልፉ ስለሆኑ መልሳቸው ሠንጠረዡ ላይ ነው።

በፓይተን ሲጻፍ ይህችው ናት፦

```
for k in range(n):
    for i in range(n):
        for j in range(n):
            if d[i][k] + d[k][j] < d[i][j]:
                d[i][j] = d[i][k] + d[k][j]
```

መሸጋገሪያው `k` የግድ ከውጭ መሆን አለበት። እኔ በመጀመሪያ ስጽፈው ወደ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ፕሮግራሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ ሮጦ ጨረሰ፤ መልሱ ግን የተሳሳተ ነበር። በእኛ ሠንጠረዥ ብትሞክሩት ከፒያሳ መገናኛ 50 እንዳለ ይቀራል፦ ያ ሣጥን ሲታይ ከፒያሳ መስቀል አደባባይም ሆነ ከሜክሲኮ መገናኛ ገና «አይደረስም» ናቸው፤ በኋላ ሲሞሉ ደግሞ ወደ እሱ የሚመለስ የለም። ስህተቱን ለመያዝ ትክክለኛውን ዙር በውጤቱ ላይ እንደገና ማስኬድ ይበቃል። አንድ ቁጥር እንኳ ከቀነሰ የመጀመሪያው ሥራ አላለቀም ነበር።

ዋጋው ከሦስቱ ዙሮች ይታያል። ለ4 ቦታ 64 ማወዳደር ነው፤ ለ1,000 ቦታ አንድ ቢሊዮን። ቦታው እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ያድጋል። ጥቂት መቶ ቦታዎች ለተራ ላፕቶፕ ችግር አይደሉም። ቦታዎቹ 100,000 ሲሆኑ ግን ሠንጠረዡ ራሱ 10 ቢሊዮን ሣጥን ስለሚጠይቅ፣ ገና ስሌቱ ሳይጀመር ማስታወሻው ያልቃል።

ስለዚህ የሚፈለገው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ያለው መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እንደ ከተማ ካርታ እያንዳንዱ መገናኛ ከሦስት አራት መንገድ በላይ ከሌለው፣ የደይክስትራን ዘዴ ከየመነሻው ማስኬድ ይሻላል። የፍሎይድና የዋርሻል ቦታው ነጥቦቹ ጥቂት፣ መስመሮቹ ብዙ፣ የሚፈለገውም የሁሉም መልስ ሲሆን ነው።

የደይክስትራ ዘዴ የማይችለውን አንድ ነገርም ይችላል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ዋጋ ያላቸውን መስመሮች ይቀበላል። ለጊዜ ይህ ትርጉም ባይኖረውም በአንዱ መንገድ ወጪ፣ በሌላው ትርፍ ላለበት የጭነት መኪና ሒሳብ አለው። ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ መንገድ ትርፍ ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ ግን በዞሩ ቁጥር ወጪው ስለሚቀንስ «አጭሩ» የሚባል ነገር አይኖርም። ይህ የሚታወቀው ሠንጠረዡን ከጥግ ወደ ጥግ በሚያቋርጠው መስመር ላይ ነው፤ ከፒያሳ ፒያሳ ዜሮ መሆን ሲገባው ከዜሮ በታች ይገኛል።