ሰማያዊው ቀለምና አምስቱ ተጨማሪ ፒኖች

ቅዳሜ ነው፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት። አንድ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ከአዳራሽ ተመልሶ የቀኑን ቀረጻ ከላፕቶፑ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሊገለብጥ ተቀምጧል እንበል። ቀረጻው 60 ጊጋባይት ነው፤ በማግስቱ ለመልሱ ላፕቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። የሃርድ ዲስኩ ገመድ ግን ስቱዲዮ ቀርቷል። መሳቢያውን ሲበረብር የድሮ ስልክ ቻርጀር ገመድ አገኘ፤ ሲሞክረው ሃርድ ዲስኩ ላይ ልክ ገባለት። መብራቱ በራ፣ ፋይሉም መገልበጥ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ያሳየው ቀሪ ጊዜ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰፊውን ትክክለኛ ገመድ ከስቱዲዮ አምጥቶ የመልሱን ቀረጻ በላፕቶፑ ቀኝ በኩል ባለው ፖርት ቢሰካው ፍጥነቱ ያው ሆኖ ይጠብቀዋል። ያንኑ ገመድ ነቅሎ በግራ በኩል ሲሰካው ግን ያው 60 ጊጋባይት በዘጠኝ ደቂቃ ያልቃል። ላፕቶፑም ሃርድ ዲስኩም አልተቀየሩም። የተቀየረው በገመዱና በፖርቱ ውስጥ ያለው የብረት ንክኪ ቁጥር ብቻ ነው።

ሰፊና ጠፍጣፋ አፍ ያለው፣ ሁላችንም ገልብጠን ሰክተን ተሳስተን የምናውቀው የዩኤስቢ መሰኪያ በቴክኒክ ስሙ ዩኤስቢ-ኤ ይባላል። መልኩ ለዓመታት አልተለወጠም፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 መረጃን በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ሜጋቢቱ ለስምንት ሲካፈል 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከዚያ ላይ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ለመግባባት የሚያጠፉት ሲቀነስ በተግባር የሚገኘው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። በኅዳር 2008 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 5 ጊጋቢት፣ ማለትም ከአሥር እጥፍ በላይ አሳደገው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቪዲዮ አንሺው ሂሳብ ከዚህ ይወጣል። 60 ጊጋባይት በሰከንድ 35 ሜጋባይት ሲሄድ 28 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። በአዲሱ መንገድ ግን ገመዱ እንቅፋት መሆኑ ይቀርና ወሰኑ ራሱ ሃርድ ዲስኩ ይሆናል፤ በሚሽከረከር ሳህን የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ዲስክ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይጽፋል፤ ዘጠኝ ደቂቃው የመጣው ከዚህ ነው።

ዋናው ችግር ዘገምተኛው ግንኙነት አለመበላሸቱ ነው። ቢበላሽ ሰው ይነቃ ነበር። አዲሱ ዩኤስቢ ከአሮጌው ጋር ተስማምቶ እንዲሠራ ስለተደረገ ፈጣኑ መንገድ ሲጠፋ ዝም ብሎ ወደ ዘገምተኛው ይመለሳል። ስለዚህ ልዩነቱን በዓይን መለየት መቻል ያስፈልጋል።

በዓይን ለማየት አስተማማኙ ቦታ የመሰኪያው አፍ ነው። የገመዱን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሮ ወደ ውስጥ ሲያዩት የድሮው ዩኤስቢ 2.0 አራት ረጃጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ወርቃማ ንጣፎች አሉት። ሁለቱ ዳር ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያመጡና የሚመልሱ ናቸው፤ መሃል ያሉት ሁለቱ መረጃውን ይሸከማሉ። ዩኤስቢ 3.0 እነዚህን አራቱን ባሉበት ትቶ ከበስተኋላቸው፣ ወደ ውስጥ ጠልቀው፣ አምስት ትናንሽ ንክኪዎችን ጨመረ። ከአምስቱ ሁለቱ ለመላክ፣ ሁለቱ ለመቀበል ሲሆኑ አንዱ መሃል ገብቶ መሬት ይሆናል። ሲደመር ዘጠኝ ማለት ነው። ፖርቱ ላይ ደግሞ አቀማመጡ ይገለበጣል፦ አምስቱ የፕላስቲኩ ምላስ ጫፍ ላይ፣ አራቱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይታያሉ። የስልክ ካሜራ አጉልቶ ፎቶ ማንሳት ለዚህ ከማጉያ መነጽር አይተናነስም።

ዘጠኝ ንክኪ ያለው ሁሉ ፈጣን ነው ማለት አይደለም፤ አራት ብቻ ያለው ግን ፈጽሞ ፈጣን ሊሆን አይችልም። ከሁሉም መለያዎች ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ይህ ነው።

ቀለሙስ? የዩኤስቢ 3.0 ሰነድ የመሰኪያውና የፖርቱ ውስጠኛ ፕላስቲክ ሰማያዊ እንዲሆን ይመክራል። ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ብዙ ላፕቶፖች ከመልካቸው ጋር እንዲሄድ ብለው ፈጣኑንም ፖርት ጥቁር ያደርጉታል፤ አፕል በ2012 ማክቡኮቹን ወደ ዩኤስቢ 3.0 ሲያሳድግ ሰማያዊውን አልተጠቀመም። በተቃራኒው ደግሞ ማንም ርካሽ ገመድ ሠሪ ሰማያዊ ፕላስቲክ መግዛት ይችላል። ሱቅ ውስጥ «ይሄ ሦስት ነጥብ ዜሮ ነው» ተብሎ የቀረበ ሰማያዊ ገመድ ውስጡ ሲታይ አራት ንጣፍ ብቻ ካለው ሰማያዊነቱ ከቀለም አያልፍም።

ከሰማያዊው ሌላ ያሉት ቀለሞች ከዚህም የባሰ የተዘበራረቁ ናቸው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ሰማያዊ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ 10 ጊጋቢት ማለት ነው። ቀይ ለአንዱ አምራች 10 ጊጋቢት ሲሆን ለሌላው ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ፖርት ነው። ቢጫና ብርቱካናማም ብዙ ጊዜ የቻርጅ ፖርት ምልክት ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ፈጣን ቻርጅና ፈጣን መረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የስልክ ኩባንያዎች ለፈጣን ቻርጀሮቻቸው የራሳቸውን ቀለም ይመርጣሉ፤ የኦፖ አረንጓዴ መሰኪያ የታወቀ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ስልኩን በጥድፊያ ሞልቶት ፋይል ሲያስተላልፍ ግን በ2000 ዓመቱ ፍጥነት ሊሄድ ይችላል። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ-ኤ፣ በሌላው ጫፉ ዩኤስቢ-ሲ ሆነው ከስልክ ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶችም እንደዚያው ናቸው፤ አዲስ መምሰላቸው ስለ ውስጣቸው ምንም አይናገርም።

ከፖርቱ ጎን የሚታተመው ምልክት ከቀለሙ ይሻላል። ባለ ሦስት ጣት መንሽ የሚመስለው ምልክት ብቻውን ከሆነ ተራ ዩኤስቢ ነው። ከጎኑ ሁለት የላቲን ኤስ ፊደላት ተጣብቀው ከታዩ የ5 ጊጋቢቱ ነው፤ ከኤሶቹ ጋር 10 የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ 10 ጊጋቢት። የመብረቅ ወይም የባትሪ ሥዕል ስለ ቻርጅ ብቻ ይናገራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የስሪት ቁጥር ግን ራስ ያዞራል፦ ያው የ5 ጊጋቢቱ ዩኤስቢ መጀመሪያ 3.0፣ ቀጥሎ 3.1 ጄን 1፣ በኋላ 3.2 ጄን 1 ተብሏል። ስሙ ሁለቴ ተቀየረ፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ገዢ ከስሪት ቁጥሩ ይልቅ የጊጋቢቱን መጠን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ወደ ቪዲዮ አንሺው መሳቢያ እንመለስ። የስልኩ ቻርጀር ገመድ ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዴት ገባ? በተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች ላይ የሚገኘው ሰፊ መሰኪያ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል፤ አንዱ ከፍል የድሮ ስልኮች ማይክሮ ዩኤስቢ ራሱ ነው፣ ከጎኑ የተቀጠለው ጠባብ ክፍል ደግሞ አዲሶቹን አምስት ንክኪዎች ይዟል። የስልኩ ገመድ ግማሹን ሞልቶ ሌላውን ግማሽ ባዶ ይተወዋል። ሃርድ ዲስኩ ይሠራል፤ በዘገምተኛው መንገድ። በላፕቶፑ ቀኝ በኩል የሆነውም ያው ነበር፤ ገመዱ ዘጠኝ ንክኪ ቢኖረውም ፖርቱ አራት ብቻ ነበረው። መሃል ላይ የገባ የማራዘሚያ ገመድ ወይም ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያም እንዲሁ ነው፤ ከሰንሰለቱ አንዱ ብቻ አሮጌ ከሆነ ሁሉም በእሱ ፍጥነት ይሄዳል።

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖም ዘገምተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መሰኪያው ቀስ ተብሎ ሲገባ አራቱ አሮጌ ንክኪዎች ቀድመው ይገናኙና አምስቱ ገና ሳይደርሱ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን በዩኤስቢ 2.0 ሊመዘግበው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነቅሎ በአንድ ትንፋሽ ጠበቅ አድርጎ መሰካት። በተደጋጋሚ ከተከሰተ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ታጥፏል፣ ተበልቷል ወይም አቧራ ይዟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዓይን ያልቆረጠውን ኮምፒውተሩ ይቆርጠዋል። ሊኑክስ ላይ ይህን ትዕዛዝ መጻፍ ይበቃል፦

```
lsusb -t
```

ከመሣሪያው መስመር ጫፍ ላይ `480M` ከታየ ግንኙነቱ የድሮው ነው፤ `5000M` ወይም `10000M` ከሆነ ፈጣኑ ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጦ በሚከፈተው መስኮት `More details` የሚለውን ቢጫን ፍጥነቱን በሜጋባይት ያያል። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ማመን አይገባም፤ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ለጊዜው ራሱ ጋ ስለሚያቆየው ቁጥሩ መጀመሪያ ይጋነናል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 35 ወይም 40 አካባቢ ረግቶ ከቀረና መሣሪያው ከዚያ በላይ መሥራት እንደሚችል ከታወቀ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የፖርቱ ነው። በሰከንድ 12 ወይም 15 ሜጋባይት ላይ የቆመ ርካሽ ፍላሽ ግን ገመድ መቀየር አያድነውም፤ ዘጠኙም ንክኪ እያለው ውስጡ ያለው ቺፕ ራሱ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

ፈጣኑን ፖርት ለሁሉም ነገር መሻማትም አያስፈልግም። ማውዝ፣ ኪቦርድና ፕሪንተር ከአሮጌው ፖርት አያልፉም። እንዲያውም ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል፤ ኢንቴል በ2012 ጉዳዩን በጽሑፍ አስረድቷል። የገመድ አልባ ማውዝ ትንሿ መቀበያም የምትሠራው በዚያው ሞገድ ነው። ቪዲዮ አንሺው ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ ሲገለብጥ ማውዙ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መቀበያዋን ከሃርድ ዲስኩ አጠገብ አንስቶ ቀኝ በኩል ወዳለው አሮጌ ፖርት ማዛወር ይበቃዋል።