መጠባበቂያ ቅጂ አለ ማለት መዝገቡ ይመለሳል ማለት አይደለም

በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን በጥቂት ቀናት ውስጥ በተከታታይ ያዳረሰ ሲሆን፣ ከተሞቹ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ ድረስ በጦርነቱ ቀጣና ውስጥ ቆይተዋል። የደሴ ሆስፒታል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፍተኛ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። የተዘረፈ ኮምፒውተር በሌላ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው መዝገብ ግን ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ከሌለው አይተካም።

ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ቀን የሚያዘጋጁት የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። አንደኛው ምን ያህል ጊዜ የተሠራ መዝገብ ቢጠፋ መቋቋም ይቻላል የሚል ሲሆን፣ መልሱ የማገገሚያ ነጥብ ይባላል። ሁለተኛው ሥራው ተቋርጦ እስከ መቼ ሊቆይ ይችላል የሚል ነው፤ መልሱም የማገገሚያ ጊዜ ይባላል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በደሴ የሚገኝ አንድ የአርሶ አደሮች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በምሳሌነት ይወሰድ። ማኅበሩ በየዕለቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሒሳብ መዝገቡን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ ዘወትር ዓርብ ማታ ደግሞ አንድ ቅጂ ወደ ኮምቦልቻ ቅርንጫፉ ይልካል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ የሚጠፋው የዚያ ዕለት ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም ከደረሰኞች እንደገና ሊመዘገብ ይችላል። ቢሮው ከነሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል ግን የተረፈው የኮምቦልቻው ቅጂ ስለሆነ ካለፈው ዓርብ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ይጠፋል። እንደ 2014 ዓ.ም ሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ከተመቱ ደግሞ የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለዚህ የማገገሚያ ነጥብ የሚለካው ቅጂ በሚወሰድበት ድግግሞሽ ሳይሆን፣ ከአደጋው በሚተርፈው የመጨረሻ ቅጂ ዕድሜ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ አንዱ ለሌላው በቂ መሸሸጊያ አይሆንም። አንድ ቅጂ በይለፍ ቃል ተቆልፎ እንደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ባለ ሩቅ ስፍራ መቀመጥ ይኖርበታል።

የማገገሚያ ጊዜም በግምት ሳይሆን በድምር ይታወቃል። ማኅበሩ ሌላ ኮምፒውተር ለማግኘት አንድ ቀን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን ለመጫን አንድ ቀን፣ መዝገቡን ለመመለስና ለማመሳከር ሌላ አንድ ቀን ቢያስፈልገው ሥራው ሦስት ቀን ይቋረጣል። ኃላፊው ለአባላት «በማግሥቱ እንከፍታለን» ብሎ ቃል ቢገባ ቃሉ አይፈጸምም። በእነዚህ ቀናት አስቸኳይ ክፍያ እንዳይቆም በየጊዜው የታተመ የቀሪ ሒሳብ ዝርዝርና በእጅ የሚሞላ ደረሰኝ ሊኖር ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ቅጂው በትክክል የሚከፈት ከሆነ ብቻ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ ጊትላብ በተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ዋናውን የመረጃ ቋት በስሕተት አጠፋ። ኩባንያው በየዕለቱ ቅጂ የሚወስድ ሥርዓት ነበረው፤ ሲፈለግ ግን ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ከመረጃ ቋቱ ጋር የማይጣጣም አሮጌ ስሪት ስለነበረ ሥራው ይከሽፍ ነበር፤ ይህን የሚያሳውቁት የኢሜይል ማስጠንቀቂያዎችም ተቀባዩ ዘንድ አይደርሱም ነበር። ኩባንያው የተረፈው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ሲል ከስድስት ሰዓታት ገደማ በፊት በወሰደው ቅጂ ነው። የእነዚያ ሰዓታት መረጃ ጠፋ፤ አገልግሎቱም ለ18 ሰዓታት ገደማ ተቋረጠ።

ፍተሻው ፋይሉ መኖሩን አይቶ በማለፍ አይፈጸምም። ቅጂው በሥራ ላይ ባለው ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይመለሳል፤ ይህንንም ዘወትር ቅጂውን ከሚወስደው ባለሙያ ሌላ የሆነ ሰው፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ ቢያከናውነው ይመረጣል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም የአባላት ብዛትና የጠቅላላ ቁጠባው ድምር ቅጂው በተወሰደበት ቀን ከታተመው ሪፖርት ጋር ይመሳከራል፤ የጥቂት አባላት ሒሳብም ከደብተራቸው ጋር ይነጻጸራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወሰደው ሰዓት እውነተኛውን የማገገሚያ ጊዜ፣ በመዝገቡ ውስጥ የተገኘው የመጨረሻ ክፍያ ቀን ደግሞ እውነተኛውን የማገገሚያ ነጥብ ያሳያል። ፍተሻውን በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም የሒሳብ ፕሮግራሙ በተቀየረ ቁጥር መድገም ተገቢ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ መዋልም የለበትም፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ ይቆልፋቸዋልና።

አባል የሆነ አርሶ አደርም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ገንዘብ ባስገባና ባወጣ ቁጥር ደብተሩ ላይ መጻፉን ማረጋገጥና ደረሰኙን ማስቀመጥ ይገባዋል። የቢሮው ቅጂዎች ሁሉ በጠፉ ጊዜ የሒሳቡ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በቤቱ ያስቀመጠው ደብተር ነው።