አስፒሪን ለልብ፦ ማንን ይጠቅማል? ማንን ያደማል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ «ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምቶ ትንሿን አስፒሪን ገዝቶ በየቀኑ መዋጥ ቀላል ነው። መድኃኒቷ ግን ለሁሉም አትሆንም።

አስፒሪን ፕላትሌት የሚባሉት የደም ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የልብ ደም ሥር በረጋ ደም እንዳይዘጋ የሚረዳው በዚህ ነው። የጨጓራ ቁስል ሲደማ ደሙ ቶሎ እንዳይቆም የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ከዚህ በፊት ሀርት አታክ የያዛቸው የ58 ዓመት የኮምቦልቻ ነጋዴ ናቸው። ሐኪም ካዘዘላቸው ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል። በረመዷንም ቢሆን ማቋረጥ የለባቸውም፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪማቸውን አማክረው ከኢፍጣር በኋላ ምግብ በልተው ሊውጡት ይችላሉ።

ሁለተኛዋ የ72 ዓመት የደሴ እናት ናቸው። ልባቸውን ታመው አያውቁም፤ ጨጓራ ግን አለባቸው፤ ለጉልበታቸውም ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። እሳቸው በራሳቸው አስፒሪን ቢጀምሩ የመድማት አደጋው ይበልጥባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው አስፕሪ የተባለ ጥናት በአውስትራሊያና በአሜሪካ ከ19,000 በላይ ጤናማ አረጋውያንን ተከታትሏል። አስፒሪን የልብና የደም ሥር ሕመምን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። ከባድ መድማት ግን በዓመት ከ1000 ሰው ከ6 ወደ 9 ገደማ ከፍ አለ።

አስፒሪን የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።