«ባለ አምስት ኮከብ ናት» ሲሏችሁ፣ «የትኛዋ?» በሉ

ለቤተሰብ የሚሆን፣ ዋጋውም የማይከብድ መኪና እየፈለጋችሁ ነው እንበል። ደላላው «ሴፍቲዋ አሪፍ ነው፣ ባለ አምስት ኮከብ ናት» ይላችኋል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ኮከብ የሚሰጠው ለመኪናው ስም ሳይሆን ለተፈተነው ዓይነት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ የምናያትን ሱዙኪ ኤስ ፕሬሶን እንይ። መኪና እያጋጨ የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የህንድ ገበያዋን ሲፈትናት ዜሮ ኮከብ አገኘች፤ ኤርባጓ የሾፌሩ ብቻ ነበር። እዚያው ህንድ ተሠርታ ለደቡብ አፍሪካ የተላከችው ግን ሁለት ኤርባግ ነበራትና 3 ኮከብ አገኘች። በ2022 መጨረሻ ሁለት ኤርባግ ያላት የህንዷ እንደገና ስትፈተን 1 ኮከብ ብቻ አመጣች።

ለምን ቀነሰች? ፈተናው ስለከበደ ነው። ድሮ የአዋቂ ኮከብ በዋናነት የሚሰላው ከፊት ግጭት ነበር፦ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር፣ የመኪናው የፊት ክፍል 40 በመቶው ብቻ እየተመታ። ከ2022 ወዲህ የጎን ግጭትና መኪና ሲንሸራተት የሚያረጋጋው ኢኤስሲም ይቆጠራሉ። ስለዚህ የድሮን 4 ኮከብ ከአሁን 4 ኮከብ ጋር አታወዳድሩ። (በነገራችን ላይ 64 ማለት የከተማ ዳር ፍጥነት ነው። በፈጣን መንገድ 110 ስትነዱ ኮከቡ ምንም ቃል አልገባላችሁም።)

ዲዛየርም ላይ ይሄው ነው። በ2024 የተፈተነችው አዲሷ ሞዴል ለአዋቂ 5፣ ለልጆች 4 ኮከብ አግኝታለች። ስድስት ኤርባግና ኢኤስሲ አላት። የቀድሞዋ ቅርጽ ግን ይሄን ኮከብ አትወርስም፣ ሻጩ ምንም ቢል።

globalncap.org ላይ ስትገቡ የመኪናዋን ዓመተ ምርትና የኤርባጎቿን ቁጥር ከምትገዟት ጋር አመሳክሩ። ልጅ ካላችሁ የልጆቹን ኮከብ ለብቻው እዩ፣ ሁሌም ከአዋቂው ጋር እኩል አይደለም። ቦዲው «አንስቴብል» ከተባለ፣ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ክፍል ሌላ ኃይል ቢጨመርበት አይችልም ማለት ነው። እኔ ብሆን ኤርባግ ከመቁጠሬ በፊት እሱን ነው የማየው።

ያገለገለች ከሆነች ደግሞ ኮከቡ የሚሠራው ዕቃዎቹ ካሉ ነው። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ክፈቱና ዳሽቦርዱን እዩ። የኤርባግ መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የበለጠ ጠርጥሩ፤ ተጋጭታ ኤርባጉ ከፈነዳ በኋላ ሳይተካ መብራቱን ብቻ ያጠፉት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የእያንዳንዱን ወንበር ቀበቶ፣ የኋላውንም ጭምር፣ እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ከተላላጠ ወይም በራሱ ካልተመለሰ የመቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።